ናፍቀውናል

ሰዓደት ሰው አታምንም የሚሏት ተሳስተዋል። ታምናለች፤ ግን መጀመሪያ አይታ፣ ቀጥላ ቆጥራ፣ ከዚያም አንድ ሌሊት አሳድራ ነው። ልጅነቷን ያሳለፈችው አባቷ ጨርቅ በሚሸጥበት ተራ፣ ከጣቃው ኋላ ተቀምጣ ነበር። ሜትሩ ሲዘረጋ ዓይኗ የሚሄደው ወደ ጨርቁ ሳይሆን ወደ ሻጩ አውራ ጣት ነው። አውራ ጣት ከተንሸራተተ ገዢ ተበላ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን የተማረ ዓይን ሲያድግም አያርፍም።

አሁን የራሷ ሱቅ አላት። ከራጉኤል ጀርባ፣ ጋሪ ከጋሪ በማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ ያለችው ዱንያ ሚኒ ማርኬት በመጀመሪያ ልጇ ስም የተሰየመች ናት። ባሏ ኑሪ አንዋር መስጊድ ሰፈር የፕላስቲክ ዕቃ ያከፋፍላል፤ በሱቋ ጉዳይ አይገባም፣ ቢሞክርም አታስገባውም። ሩዙ፣ ማካሮኒው፣ ዘይቱ፣ ሳሙናውና ዳይፐሩ በሁለት ረድፍ መደርደሪያ ተደርድሯል። በሩ አጠገብ አንድ ካሽ ሬጅስተር አለ፤ ከካሽ ሬጅስተሩ ኋላ ደግሞ ካሸሯ ሩሀማ አለች፤ መልስ ስትሰጥ ጮክ ብላ እየቆጠረች የምትሰጥ፣ ከዚያ ውጪ ብዙ የማትናገር ልጅ።

ነገሩ የተጀመረው ዋናው መንገድ ላይ በሩ በራሱ የሚከፈት ሱፐርማርኬት ሲመጣ ነው። የሰፈሩ ሰው በመጀመሪያ በሩን ሊያይ ሄደ፤ ቀጥሎ ዱቄቱን ሊያይ ሄደ፤ ከዚያ ዱቄቱን ተሸክሞ በሰዓደት ደጃፍ ማለፍ ጀመረ። አንዳንዱ ሲያልፍ ፌስታሉን ወደ ወዲያኛው እጁ ያዛውራል፤ እንዳታየው ነው። እሷ ግን ታያለች።

በዚህ መሀል ነው ይድነቃቸው የሚባል ወጣት ታብሌት በእጁ ይዞ የመጣው። የሱቆችን የደንበኛ ካርድና የነጥብ ሥርዓት የሚሠራ ነው።

«እትዬ፣ ሰው የሚመላለሰው የሚጠብቀው ነገር ሲኖር ነው» አላት። «በመቶ ብር አንድ ነጥብ ይስጡ። መቶ ነጥብ የሞላለት አንድ ሊትር ዘይት በነፃ ይውሰድ። በገዛ ቁጥር ስልኩ ላይ መልእክት ይደርሰዋል፤ ስንት እንዳገኘ፣ ስንት እንደቀረው። ስንት እንደቀረው ያወቀ ሰው ደጅዎን አልፎ አይሄድም።»

«ካልሞላለትስ?»

«ነጥቡ በሦስት ወር ይቃጠላል። ካልተቃጠለ ማንም አይቸኩልም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ልንገርዎት? ከሚሰጠው ነጥብ ብዙው ሳይወሰድ ነው የሚቃጠለው። ሥርዓቱን የሚያዋጣው እሱ ነው።»

ሰዓደት ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ደስ ማለቷ ደስ አላላትም። ግን ተፈራረመች።

የመልእክቶቹን ቃል የጻፈችው ራሷ ናት። ይድነቃቸው ለቀረ ደንበኛ የሚላከውን «ግዢ ካከናወኑ 21 ቀን አልፎታል» ብሎ ነበር ያመጣው። «ይሄ የቤት ኪራይ ማስጠንቀቂያ ይመስላል» ብላ ሰረዘችውና እንዲህ አለች፦ «ከጠፉ ሰነበቱ፤ ናፍቀውናል። በዚህ ሳምንት ብቅ ካሉ በሚገዙት ሁሉ እጥፍ ነጥብ ያገኛሉ። ዱንያ ሚኒ ማርኬት።» ሦስት ሳምንት ምንም ያልገዛ ሰው ሁሉ ይህ ይደርሰዋል፤ እጥፉም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ይሠራል፤ ካልተመለሰም በየሳምንቱ ይደገምለታል።

ካርዱ አረንጓዴ ነው፤ ቁጥር ታትሞበታል። ነጥብ የሚመዘገብበት ታብሌት ደግሞ ካሽ ሬጅስተሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሰው ካርድ ይረሳል፤ ስለዚህ ለሩሀማ «ካርድ ባይዙም ስልክ ቁጥራቸውን ከነገሩሽ ይበቃል፤ አስገቢላቸው» ብላ አዘዘቻት። ሰፈሩም ተመዘገበ። ሰው ተመለሰ። ሰዓደት ማታ ማታ የቀኑን ሪፖርት በስልኳ እያየች፣ እስከ ክረምቱ ድረስ እንቅልፏን በደንብ ተኛች።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን፣ ከጎረቤት ግቢ የምትመጣው ፈሪዳ ሳሙና ይዛ ካሽ ሬጅስተሩ ጋ ቆማ ሳለች ስልኳን እያሳየች ሳቀች።

«እትዬ ሰዓደት፣ ይሄ ስልክ ግን አብዷል! ትናንት እዚህ ቆሜ ዘይት አልገዛሁም? ዛሬ ጠዋት ‹ናፍቀውናል› ይለኛል።»

ሰዓደትም አብራ ሳቀች። ሩሀማ ቀና ብላ አየቻቸው። ከፈሪዳ ኋላ የተሰለፈችው ሴት የፈሪዳን ክንድ ነካ አደረገች፤ ፈሪዳም ሳቋ ተቋረጠ። ሳሙናዋን ይዛ ወጣች።

ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ሰዓደት ግን አውራ ጣቱን አየች። ሩሀማ ቀና ስትል ሴቶቹ ዝም አሉ። ለምን?

ማታ የፈሪዳን ስም በስልኳ ፈለገች። ፈሪዳ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዱንያ ሚኒ ማርኬት የገዛችው ነገር የለም ይላል። ትናንት ዘይቱን ከመደርደሪያ አውርዳ የሰጠቻት ግን ሰዓደት ራሷ ናት። ታዲያ የዘይቱ ነጥብ የት ገባ?

የትናንቱን ግዢ በሰዓት ፈልጋ አገኘችው። ነጥቡ የተመዘገበው በአመተ ሥላሴ ስም ነው። አመተ ሥላሴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል፤ እግሯን ስለሚያማት ከደጃፏ ብዙ አትርቅም። ሥርዓቱ ግን አመተ ሥላሴ በአንድ ቀን ብቻ አሥራ አራት ጊዜ መጥታ ገዝታለች ይላል። ዳይፐር ገዝታለች፤ ልጆቿ ሁሉ ጢም አብቅለዋል። ያውም ሁሉም በእጥፍ ነጥብ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ሦስት ሳምንት «ጠፍታ» ነበር።

ሰዓደት ወደ ኋላ ሄደች። ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ሌላ ሴት። ከዚያም በፊት ሌላ። በየሳምንቱ አንዲት የጠፋች ሴት ትመለሳለች፣ ሱቁን በእግሯ ታደቅቀዋለች፣ መቶ ነጥብ ትሞላለች፣ ዘይቷን ትወስዳለች፣ እንደገና ትጠፋለች።

በማግስቱ ለይድነቃቸው ደወለችለት። እሱም ሳያመነታ መለሰ።

«እትዬ፣ ይሄማ የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ የካሸር ሥራ ነው። ደንበኛው ካርድ የለኝም ሲል ካሸሯ የራሷን ወይም የምታውቀውን ሰው ቁጥር ታስገባለች። ነጥቡ ሲሞላ ይካፈላሉ። የእርስዎ ደግሞ ጎበዝ ናት፤ እጥፍ የሚያገኙትን መርጣ ነው የምታስገባው። ይህን ሊያውቅ የሚችለው ታብሌቱን የሚያየው ሰው ነው።»

ታብሌቱን የምታየው ሩሀማ ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓደት የሱቋ ጠባቂ ሆነች። ከማካሮኒው መደርደሪያ ኋላ የሌለ አቧራ ትጠርጋለች። የሱቁን ካሜራ ከበሩ አዙራ ወደ ካሽ ሬጅስተሩ አደረገችው። ማታም ቤት ገብታ ታየዋለች። ድምፅ የለውም፤ ምስል ብቻ ነው። ሴት ትመጣለች፣ ዕቃ ታስቀምጣለች፣ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ትናገራለች፤ ሩሀማም ካርድ ሳታይ ቁጥር ትነካካለች። ሌላዋም ትመጣለች፣ እንደዚያው። አንዳንዷ ምንም ሳትናገር ዓይኗን ብቻ ትሰብራለች፤ ሩሀማ ግን ቁጥሩን ታስገባለች።

ኑሪ ከጎኗ ተቀምጦ አየ። «ፊልሙ አያልቅም?» አላት።

«ትሰርቀኛለች።»

«ምን?»

«ዘይት።»

«በሳምንት አንድ ሊትር ዘይት? ሰዓደት፣ ሦስት ዓመት ካዝናሽን ስታስረክብሽ ሳንቲም ጎድሎ ያውቃል?»

«የማይጎድለው ለዚህ ይሆናላ። በትልቁ አሳምና በትንሹ ልትበላኝ።»

ኑሪ ሊተኛ ተነሳ። ሰዓደት ግን በልቧ «ላረጋግጥ» አለች። የወንድሟን ልጅ ኢክላስን ጠራቻት። ኢክላስ ሱቁን ረግጣ አታውቅም፤ ሩሀማም አታውቃትም። «ሂጂና ከአምስት መቶ ብር በላይ ግዢ። ካርድ አለሽ ወይ ብላ ከጠየቀችሽ የለኝም በያት። ቁጥር እንዳትነግሪያት» አለቻት። ኢክላስ ሄዳ ገዝታ መጣች። ሰዓደት ስልኳን ከፈተች። በዚያ ግዢ ላይ ነጥብ ለማንም አልተሰጠም፤ ባዶ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያርፍ ነበር። ሰዓደት ግን አላረፈችም። «ነቅታብኛለች ማለት ነው» አለች። «የማታውቀው ሰው ሲመጣ ትጠነቀቃለች።» ጥርጣሬ አንዴ ቤት ከገባ የሚመግበውን አያጣም፤ ንጽሕናን ራሱ በልቶ ይወፍራል።

ዓርብ ነበር። ጁምዓ ተሰግዶ ሰው በየመንገዱ እየፈሰሰ ሳለ፣ ሱቁ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ተሰልፎ፣ ሰዓደት ከመደርደሪያው ኋላ ወጣች። በዚያች ሳምንት የጠፉትና የተመለሱት በጎረቤት ግቢ የሚኖሩት አዛውንቷ እትዬ ሠርኬ ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ በእሳቸው ስም ሲገዛ ውሏል። እሳቸው ግን አንዴም አልመጡም። እየጠበቀቻቸው ነበር።

«ሩሀማ፣ አሁን ያስገባሽው ቁጥር የማን ነው?»

ሩሀማ ደነገጠች። «የ... ደንበኛዋ የነገረችኝ ነው።»

«የማን ነው ነው ያልኩሽ።»

የከፈለችው ሴት ዕቃዋን አቅፋ ወደ በሩ ፈቀቅ አለች። ሩሀማ ወደ ሴቲቱ አየች፣ ወደ ሰዓደት አየች።

«የእትዬ ሠርኬ ነው። እትዬ ሠርኬ ደግሞ ዛሬ እዚህ አልመጡም። በየሳምንቱ የአንዷን ቁጥር እየቀያየርሽ፣ እጥፍ እየመረጥሽ፣ ዘይቴን ከማን ጋር ነው የምትካፈዪው?»

«እትዬ፣ ካርድ ባይዙም ስልክ ቁጥር ይበቃል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የነገሩኝን አስገባሁ። ከዚያ ሌላ አንድም ነገር አላደረግሁም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ሩሀማ ዝም አለች። ያ ዝምታ ነው ያስቆረጣት። ሰዓደት እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን።»

ልጅቷ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፤ ሹራቧን ከወንበሩ ላይ አነሳች። በር ላይ ደርሳ ዘወር ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ግን ለሰዓደት ሳይሆን ለተሰለፉት ሰዎች ነው የተናገረችው። «አልሰረቅሁም» ብላ ወጣች።

ሰዓደት ካሽ ሬጅስተሩ ኋላ ራሷ ተቀመጠች። ሰልፉ ቀጠለ፤ ግን ማንም ቁጥር አልነገራትም። «ካርድ አለዎት?» ስትል «ይቅር» ይላሉ። ቅዳሜም እንዲሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰልፍ የሚባል ነገር ቀረ። ከግቢዎቹ የሚመጡት ሴቶች አንድም ሳይቀሩ ጠፉ። ፌስታል የያዘ ሰው በደጃፏ ያልፋል፤ ፌስታሉን ወደ ሌላኛው እጅ ማዛወሩን እንኳ ትቷል።

ሩሀማ ብቻ ሌባ ብትሆን ኖሮ ሌሎቹ ለምን ይጠፋሉ? ይህን ማሰብ የጀመረችው ቅዳሜ ማታ ነው። ሌሊቱን አሳደረችው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን ደርባ ወደ እትዬ ሠርኬ ግቢ ሄደች።

ግቢው ዙሪያውን የኪራይ ክፍሎች የያዘ ጠባብ ግቢ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ ሲከራከሩ ነው። ሰዓደት ቆማ ጆሮዋን ሰጠች።

«ፖሊስ ብታመጣስ?» ይላል አንዱ ድምፅ። የፈሪዳ ነው። «ተደራጅተው አጭበረበሩኝ ብትል?»

«ለልጅቷ ስንል መናገር አለብን» ይላል ሌላው።

ከዚያ የእትዬ ሠርኬ ወፍራም ድምፅ መጣ። «ግቢ ልጄ። በር ላይ ቆመሽ ከምትሰሚ ተቀምጠሽ ስሚ።»

ጥላዋ በበሩ ስር ታይቷል። ሰዓደት አፍራ ገባች። አሥር የሚሆኑ ሴቶች በዱካና በበርጩማ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ እግሯን የሚያማት አመተ ሥላሴም አለች። መሀል ላይ አንዲት የፕላስቲክ ኩባያ አለች፤ ውስጧ የተጠቀለሉ የወረቀት ቁራጮች። ሰዓደት ዕጣ ስታይ ዕጣ መሆኑን የማታውቅ የመርካቶ ልጅ አይደለችም።

«ዕቁብ ነው?» አለች።

«ዕቁብ ነው» አሉ እትዬ ሠርኬ። «የነጥብ ዕቁብ። ዳኛዋ እኔ ነኝ። ልትከሺ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ነው።»

ሰዓደት የተሰጣት ዱካ ላይ ተቀመጠች። 

«እትዬ ሠርኬ፣ ዓርብ ስልክዎ ስንት ጊዜ ጮኸ?»

«ኧረ ስንቴ! ‹ነጥብ አግኝተዋል፣ ነጥብ አግኝተዋል› ሲል ዋለ። ተኝቼበት ነበር፤ አላስተኛ አለኝ።» አንዳንዶቹ ሳቁ፤ የሰዓደትን ፊት አይተው ተዉት።

«ለምን እንዲህ አደረጋችሁኝ? ምን በደልኳችሁ?»

እትዬ ሠርኬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «መጀመሪያ እኮ እኛም እንደ ሰው በየራሳችን ነበርን። የሰጠሽንን ካርድ ሻርፕ ጫፍ ላይ ቋጥረን፣ ሽንኩርቱንም ስኳሩንም አንቺ ጋ። ዘጠና ደረስኩ። ለልጄ ደውዬ ዘይት ልወስድ ነው አልኳት። በነጋታው ሳይ ሠላሳው የለም። ‹ነጥብዎ ተቃጥሏል› ይላል። እኔ ምን አጠፋሁ? አንድ ቀን አልቀረሁ። አመተ ሥላሴም እንደዚያው ተቃጠለባት። ይቺም፣ ያቺም። በወር ከሦስት ሺህ ብር በላይ የማትገዛ ሴት በሦስት ወር መቶ ነጥብ አይሞላላትማ! ሊደርስ ሲል የሚቃጠለው ሆን ተብሎ ነው አልን። እንዲያ ነው ወይስ አይደለም?»

ሰዓደት ይድነቃቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የነገራትን አስታወሰች። 

«ዝም አልሽ። ደህና። እኔም ተናድጄ ቀረሁ። ወደዚያ በራሱ ወደሚከፈተው በር ሄድኩ። ሦስት ሳምንት ሲሆነኝ ስልኬ ጮኸ፤ ‹ናፍቀውናል› አለኝ። ብመጣ እጥፍ ልትሰጪኝ። አየሽ ነገሩን? ስመላለስ አቃጠልሽብኝ፤ ስቀር እጥፍ ሰጠሽኝ። ከዚህ ሰው ምን ይማራል? መቅረትን ነዋ። ታዲያ ተራ በተራ ጠፋን።»

«ግን አልጠፋችሁም! በየቀኑ ትገዙ ነበር።»

«መግዛትማ የት እንሄዳለን? ቅርባችን አንቺ ነሽ። የጠፋው ቁጥራችን ነው። በየሳምንቱ መልእክቱ በደረሳት በአንዷ ስልክ ሁላችንም እንገዛለን፤ በሳምንቱ መጨረሻ ዘይቷን ታነሳለች፤ ቀጥሎ ሌላዋ። በየራሳችን አንዲት ጠብታ ያልደረሰን፣ አንድ ላይ ሆነን አሥራችንም እናገኛለን። ተራው እንዳያጣላን በዕጣ አደረግነው።»

ፈሪዳ ከጥግ «ያኔ ስልኬ አብዷል ያልኩት እኔ ገና አዲስ ገብቼ ነው፤ አልገባኝም ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ብንነግርሽ ትዘጊው ነበር» አሉ እትዬ ሠርኬ።

ሰዓደት አሰበች። «እዘጋው ነበር» አለች። ይህን ስትል ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን በደንብ አዩ።

«ሩሀማስ? ስንት ተሰጣት?»

 የመለሰችው አመተ ሥላሴ ናት። «ዕጣ ውስጥ ግቢ ብለናት ነበር። ‹እኔ የሱቁ ሰው ነኝ፤ አይሆንም› አለች። ለአንቺ እንዳትነግር ግን ለምነናት ነበር። አደራ ነው ብለናታል።»

ሰዓደት ተነሳች። የቀረበላትን ሻይ ሳትጠጣ ነው የወጣችው። በመንገድ ላይ የተሰማት መጀመሪያ ንዴት ነው፤ አሥር ሴት ተሰብስቦ በገዛ መልእክቷ ሲበላት። ሸራ ተራውን ስታልፍ ግን ንዴቱ ቀዘቀዘና የዓርቡ ነገር መጣባት፤ ሹራብ ከወንበር ላይ ሲነሳ፣ እጇን ለቁልፍ ስትዘረጋ፣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሲያይ።

ሩሀማ ጎጃም በረንዳ አካባቢ ከአክስቷ ጋር ነው የምትኖረው። ከግቢው ወጥታ በር ላይ አነጋገረቻት፤ ይግቡ አላለቻትም።

«ሩሀማ፣ ሁሉንም ሰማሁ። ተሳስቻለሁ። ነገ ነይና ሥራሽን ያዢ።»

ሩሀማ እጆቿን አጣጥፋ ቆመች። «ያቺ የላኳት ልጅ ዘመድዎ ናት አይደል?»

 «ማን ነገረሽ?»

«አፍንጫዋ የእርስዎ ነው። ስትገባ አወቅኋት። ካርድ የለኝም ስትል ዓይኗን ከእኔ ታሸሽ ነበር። ለመስረቅ የመጣች መስሎኝ አዘንኩላት፤ በኋላ ነው እኔን ልትይዝ እንደመጣች የገባኝ።» ያጣጠፈቻቸውን እጆቿን ፈታች። «ካሜራውን ሲያዞሩትም አይቻለሁ። ሦስት ዓመት ካዝናዎን አስረክቤ፣ አንድ ቀን ጠርተው ‹ሩሀማ፣ ይሄ ምንድን ነው?› ቢሉኝ ኖሮ፣ ሰው በሌለበት ቢሆን፣ እነግርዎት ነበር። በሰው ፊት ሲሆን ግን የሴቶቹን አደራ እንዴት ልበላ?»

«ይቅር በይኝ።»

«ያባረሩኝ በሰው ፊት ነው። የሚመልሱኝም በሰው ፊት ከሆነ እመጣለሁ።»

ሰዓደት በሕይወቷ ይቅርታ የጠየቀችው በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው፤ እሱም ለዘመድ፣ በተዘጋ ቤት። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ኑሪ «ሌላ ካሸር መርካቶ ውስጥ ጠፍቶ ነው?» ቢላት ጀርባዋን ሰጠችው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሩሀማ መጣች፤ በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም። ሱቁ ውስጥ የተወሰኑ ሴቶች አሉ፤ እትዬ ሠርኬም ሆን ብለው መጥተዋል። ሰዓደት ከካሽ ሬጅስተሩ ኋላ ተነሳች።

«አንዴ ስሙኝ» አለች። «ዓርብ ዕለት ሩሀማን ሌባ ብያታለሁ። አልሰረቀችም። አንድም ሳንቲም፣ አንድም ጠብታ አልነካችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ከመንገድ የገባ፣ ማንንም የማያውቅ አንድ ሰውዬ ሳሙና ይዞ «ማነው የሰረቀው?» ብሎ ጠየቀ። «ማንም፤ ዝም ብለህ ክፈል» አሉት እትዬ ሠርኬ። ሩሀማ ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሹራቧን አላወለቀችም። ሰውዬውን «ይምጡ» አለችውና መልሱን ጮክ ብላ ቆጥራ ሰጠችው።

በዚያው ሳምንት ይድነቃቸው ተጠራ። ሰዓደት የምትፈልገውን ነገረችው፦ ነጥብ አይቃጠልም፤ ለጠፋ ሰው የሚሰጠው እጥፍ ይቀራል፤ አብረው የሚገዙ ሰዎች ከፈለጉ በአንድ ካርድ ላይ ቁጥራቸው ሁሉ ይመዝገብ።

«መቀላቀሉን ማድረግ ይቻላል» አለ ይድነቃቸው፤ «በአንድ ሂሳብ ላይ ብዙ ቁጥር ማያያዝ ነው። ግን ነጥብ ካልተቃጠለ፣ እትዬ፣ ያልተከፈለ ዘይት ነው በላይዎ የሚከመረው። ሁሉም ዘንድ ይቃጠላል።»

«አመት አድርገው እንግዲያው። አመት ሙሉ ተመላልሶ መቶ ያልሞላለት ይቃጠልበት። በየቀኑ የሚመጣውን እየቀጣሁ የቀረውን ስሸልም ከርሜአለሁ፤ ሰውም ያስተማርኩትን ነው የተማረው።»

ይድነቃቸው ታብሌቱን አስተካከለ። አዲሱን መልእክት ሰዓደት ራሷ ጻፈች። ብዙ ጊዜ ሰረዘች፤ የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ከእንግዲህ ነጥብዎ በሦስት ወር ሳይሆን በአመት ነው የሚያበቃው። አብረው ለሚገዙ የጋራ ካርድ አለ፤ ሩሀማን ይጠይቁ። ዱንያ ሚኒ ማርኬት።» «ናፍቀውናል» የሚለውን አስወጣችው፤ ስታየው ያንገሸግሻት ጀምሯል።

መልእክቱ በተላከ ማግስት ሱቁ ሞላ። ሰዓደት ከሩዙ መደርደሪያ ኋላ ጆንያ ስትፈታ፣ ማንም ያያት አልመሰላትም። ሴቶቹ ስልካቸውን እየተቀባበሉ ያነባሉ። «አመት ይላል?» «አመት ይላል።» «ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ ከታች በትንሹ የተጻፈ ነገር የለም?» ፈሪዳ ስልኩን ወደ ብርሃኑ አዙራ ፈለገች፤ የለም።

እትዬ ሠርኬ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ወደ ሩሀማ ጎንበስ አሉ። «እስቲ አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይቺ ሴትዮ አሁን ደግሞ በየት በኩል ልትመጣብን ነው?»

ሩሀማ ዘይታቸውን ፌስታል ውስጥ አስገባች፤ መልሳቸውን ቆጠረች። «እኔ እንጃ፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «እኔም እያየኋት ነው።»

ሰዓደት ሰማች። ጆንያውን ፈትታ ሩዙን ወደ ማስቀመጫው መገልበጥ ጀመረች፤ ፊቷን አላዞረችም።